ደረሰኙ ያልደረሰኝ ዕለት

ሐሙስ ማታ ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤቴ ተቀምጬ የመሥሪያ ቤቴን የወሩን ቫት አጠናቅራለሁ። የጎደሉኝ ሁለት ደረሰኞች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ያሉት ግዢ ክፍል ባለው ባልደረባዬ እጅ ነው። አንዴ በስልክ፣ አንዴ በኢሜይል ጠይቄዋለሁ። በሦስተኛው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለሦስተኛ ጊዜ መጻፌ ነው። ደረሰኞቹን ለምን እንደማይልኩ ሊገባኝ አልቻለም። ሁልጊዜ ሒሳቡ የሚዘገየው በእርስዎ ምክንያት ነው። ነገ ካልላኩ ለሚመለከተው አሳውቃለሁ።»

ግልባጩን ለሥራ አስኪያጁ አድርጌ ልልክ ስል መብራት ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም አብሮት ሄደ። (በዚህ ስም የሚጠራ ሠፈር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምንባባል አንባቢ ይገምተው።) ጽሑፉ ረቂቅ ሆኖ ቀረና በላፕቶፑ ብርሃን ደግሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «እርስዎ» ላይ ነው። ከዚህ ሰው ጋር አራት ዓመት ምሳ አብረን በልተናል፤ «አንተ» «አንቺ» ነው የምንባባለው። ስናደድ ድንገት አንቱ አልኩት። በወጉ ቃሉ አክብሮት ነው፤ በእኛ መካከል ግን በር መዝጋት ነበር። እርሱም ይህን ከሌላው ሁሉ በፊት እንደሚያየው አውቃለሁ።

ቀጥሎ ግሦቹ። አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር «አልላክህም» የተባለ ሰው ስሙ ባይጠራም ተከሷል። ነገሩን ከሰውየው ወደ ወረቀቱ ማዞር ግን ይቻላል፤ «አልደረሰኝም» ማለት ነው። ደረሰኝ አልደረሰኝም! ቋንቋው ራሱ መውጫውን አዘጋጅቶልኝ ነበር። «አልደረሰኝም» እውነት ነው፣ ላስረዳም እችላለሁ። «አልላክህም» ግን ግምት ነው፤ ልኮት መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላላ። «ሁልጊዜ» ደግሞ ያለፈውን ወር በሰዓቱ ማምጣቱን ካስታወሰ መልሱ ስለ ደረሰኝ ሳይሆን ስለዚያ ቃል ይሆናል። «ለምን»ም ለመጠየቅ ሳይሆን ለመቆጣት የገባች ነበረች።

እነዚህን አወጣሁና ሁለተኛውን ጻፍኩ፦ «ይቅርታ ሳላስቸግርህ፣ ቢቻልህ ደረሰኞቹን ብትልክልኝ ጥሩ ነበር።» ይህም አልሆነም። «ቢቻልህ» ያልኩት ሰው «አልተቻለኝም» የማለት መብት አለው። መልእክቱ ቀን የለውም፣ መጠን የለውም። የቫት ማሳወቂያው ቀን ግን «ቢቻልህ» አይልም።

ሦስተኛው ላይ የረዳኝ የተናደድኩበትን ምክንያት በብር መጻፌ ነው፦

«ሰላም፣ እንዴት ዋልክ? የወሩን ቫት ነገ አስገባለሁ። የሁለቱ ግዢዎች ደረሰኝ እስካሁን አልደረሰኝም። ድምሩ 230,000 ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 30,000 ብሩ ቫት ነው። ደረሰኙ በእጄ ከሌለ ይህን በዚህ ወር ማቀናነስ አልችልም፤ መሥሪያ ቤቱ ያንኑ ያህል አብልጦ ይከፍላል። ዋናዎቹን ነገ ከሰዓት በኋላ እስከ 9 ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ እፈልጋቸዋለሁ። ሻጮቹ ጋ የያዘህ ነገር ካለ ጠዋት ንገረኝ፣ አብረን እንደውልላቸዋለን። እስከ 9 ሰዓት ካልደረሱኝ ያለ እነሱ አስገብቼ ምክንያቱን ለሥራ አስኪያጁ እጽፋለሁ፤ ግልባጩም ይደርስሃል።»

ከመጀመሪያው ይህኛው ይጠነክራል። 30,000 ብር 200,000 ላይ የተጨመረ 15 በመቶ ነው፤ በቁጥር ማንም አይቀየምም። አለቃ ዘንድ መሄዱም አልቀረም፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግልባጩ ክሱን ቀድሞ ሊያደርስ ነበር፣ በዚህኛው ግን መጀመሪያ ለእርሱ ተነገረው። ግልባጭ በእኛ ቢሮዎች ከፖስታ ዘመን ጀምሮ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

«9 ሰዓት»ን «ከሰዓት በኋላ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አንዴ ቀጠሮ በቁጥር ብቻ ጽፌ፣ አንዱ ስልኩ እንደሚያሳየው ቆጥሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጥቶብኛል።

መብራት ሲመጣ ላክሁት። አርብ ጠዋት መልሱ መጣ፦ «አንዱን ይዤልሽ እየመጣሁ ነው። ሁለተኛው ላይ የእኛን ቲን ቁጥር አሳስተው ጽፈውታል፤ ሳምንቱን ሙሉ መርካቶ የምመላለሰው እሱን ላስቀይር ነው።»

«ታዲያ ይህን ከሳምንት በፊት ለምን…» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። «የሻጩን ስልክ ላክልኝ» ብዬ መለስኩለት።