የተበላሸው ሲሚንቶና ለሥራ አስኪያጅ የሚጻፈው ደብዳቤ

የሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴዎች በእጃቸው ያለ የፕሮጀክት ንብረት ሲበላሽባቸው የሚጽፉት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት አያልፍም። አንደኛው ዘግይቶ የሚደርስ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ይቅርታ ብቻ የያዘ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉ ነገር በጓዳ ከተጠጋገነ በኋላ፣ የሒሳብ መርማሪ ሊመጣ ሲል የሚላክ ነው። የመጀመሪያውን የተቀበለ ሥራ አስኪያጅ ምን እንደሚወስን አያውቅም። ሁለተኛውን የተቀበለ ደግሞ የሚወስነው ነገር አይቀርለትም። በዚህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌው የአንዲት የተወሰነች ደብር ታሪክ አይደለም፤ በሥራችን ደጋግመን ከምናየው ያቀናበርነው ነው።

አንዲት የገጠር ደብር ምንጭ ለማጎልበት፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ቦኖ ለመሥራት 80 ኩንታል ሲሚንቶ ሰኔ 20 ቀን ተረከበች እንበል። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ነውና በቁጥር 160 ከረጢት ይሆናል። ዕቃው የገባው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ በአፈር ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ነው። ክረምቱ በረታ፤ የጉድጓድ ቁፋሮው ቆመ፤ ጾመ ፍልሰታም ገባና ዕቃ ቤቱን የከፈተ አልነበረም። ነሐሴ 18 ቀን በሩ ሲከፈት የታችኞቹ ሁለት ረድፎችና ግድግዳውን የነኩት ከረጢቶች እንደ ድንጋይ ጠጥረው ተገኙ።

በዚህ ሰዓት በኮሚቴው ውስጥ የሚነሡትን አሳቦች እናውቃቸዋለን። አንዱ «ዝናብ የእግዚአብሔር ነው፤ ማን ይጠየቅበታል?» ይላል። ሌላው ንብረት ያዡ እንዲከፍል ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ቀጥቅጠን ከደህናው ጋር እንቀላቅለው፤ ማን ያውቃል?» የሚለው ነው። ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ከጠጠረ መልሶ ቢፈጭም የመያዝ ኃይሉ አይመለስም። በእንዲህ ያለ ሲሚንቶ የተሠራ ማጠራቀሚያ በምረቃው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። ውኃ ሞልቶ ከቆየ በኋላ ግን በግድግዳው ያልባል፣ ልስኑ ይፈረፈራል፣ ውኃውም ወደ ቦኖው ሳይደርስ ያልቃል። ያን ጊዜ ኪሳራው የከረጢት መሆኑ ቀርቶ የሙሉ ግንባታ ይሆናል፤ እናቶችም እንስራቸውን ተሸክመው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማድረግ ነው፤ ይህም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ደህናው ሲሚንቶ በዚያው ቀን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይነሣ፤ ከግድግዳው ክንድ ያህል ይራቅ፤ ቁልሉም ከ10 ከረጢት አይብለጥ፤ በላዩ ላስቲክ ይልበስ። ዕቃ ቤቱ ይቆለፍ። ከዚያም ቢያንስ ሦስት የኮሚቴ አባላት ባሉበት እያንዳንዱ ከረጢት ይቆጠር። የተበላሸውን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ከላይ ያለው ክብደት ተጭኖት ብቻ የተያያዘ ሲሚንቶ ከረጢቱ ሲንከባለል ይፈታል፤ እርጥበት ያገኘው ግን ጓሉ በጣት ሲጨመቅ አይፈርስም። በምሳሌያችን ቆጠራው 58 ፈጽሞ የጠጠሩ፣ 14 በከፊል ጓል ያላቸው፣ 88 ልቅ የሆኑ ከረጢቶች አስገኘ እንበል። ድምሩ 160 መሆኑ በሞዴል 19 ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይመሳከር። ደረሰኙ በኩንታል፣ ቆጠራው በከረጢት ሲሆን ብዙ ጊዜ ስሕተት ይፈጠራልና ሁለቱም በቃለ ጉባኤው ይጻፉ።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን በስልክ ሊነገረው ይገባል። ቆጠራው ባያልቅም እንኳ «ሲሚንቶ በእርጥበት ተበላሽቶብናል፤ ከ50 ከረጢት አያንስም፤ ከ75 አይበልጥም፤ ደህናውን ለይተን እያነሣን ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ነገ እንነግርዎታለን» ማለት ይቻላል። ቁጥሩ በሁለት ወሰን መካከል መነገሩ ጥቅም አለው። መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 40፣ በመጨረሻ 58 የሚል ኮሚቴ በእያንዳንዱ ጥሪ ታማኝነቱን ይቀንሳል፤ በመጨረሻ የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

ቀጥሎ የሚጻፈው ደብዳቤ ነው። የአማርኛችን ጠባይ እዚህ ላይ ያሳስተናል። «ሲሚንቶው ተበላሽቶ ተገኝቷል»፣ «ርብራብ ሳይደረግለት ቀርቷል» ስንል ዓረፍተ ነገሩ የተሟላ ይመስላል፤ አድራጊው ግን የለበትም። ሥራ አስኪያጁም ይህን ሲያነብ የሚደበቅ ሰው እንዳለ ያስባል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ሰኔ 20 ቀን በሞዴል 19 ከተረከብነው 160 ከረጢት ሲሚንቶ ውስጥ 58ቱ በእርጥበት ጠጥረው ከጥቅም ውጪ ሆነዋል። 14ቱ በከፊል ተጎድተዋል። ሲሚንቶውን በአፈር ወለል ላይ እንዲቀመጥ ያደረገው ኮሚቴያችን ነው። እስከ ነሐሴ 18 ቀን ድረስም አልፈተሽነውም።»

ይቅርታው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከዚህ በኋላ ቢገባ በቂ ነው። ንስሐ ለካህን የሚነገር ነው፤ ለሥራ አስኪያጅ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ውሳኔ የሚሰጥበት ሰነድ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቁ ደብዳቤዎች ሲያጋጥሙን ቁጥሩን ፍለጋ ሦስት ገጽ እንገልጣለን።

የምክንያቱ ክፍል ጥቂት ትዕግሥት ይፈልጋል። «ርብራብ ስላልነበረ» የሚለው እውነት ቢሆንም የመጨረሻው ምክንያት አይደለም። ርብራብ ለምን አልነበረም? መኪናው የመጣው ቅዳሜ ምሽት በመሆኑ የተገኙት ሰዎች ለማራገፍ ብቻ ተሯሯጡ። ሲሚንቶው ለምን በሰኔ መጨረሻ መጣ? ኮሚቴው የመኪና ኪራይ ለመቆጠብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አዘዘ። ቁፋሮው በዚያን ጊዜ የት ደርሶ ነበር? ገና ግማሹ አልተቆፈረም። እዚህ ላይ እውነተኛው ምክንያት ይገኛል፤ ትእዛዙ ከግንባታው እርምጃ ጋር አልተያያዘም ነበር። ጥያቄው ኮሚቴው ራሱ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ላይ ሲደርስ ሊቆም ይችላል። ዝናቡን ማንም አይለውጠውም፤ የማዘዣውን ቀን ግን መለወጥ ይቻላል። ንብረት ያዡን ብቻ መውቀስም እዚህ ላይ ዋጋ ያጣል፤ እርሱ ቢቀየር እንኳ በሚቀጥለው ሰኔ ያው መኪና በዚያው ዕቃ ቤት ደጃፍ ይቆማልና።

ኪሳራው በብር ሲሰላ ከከረጢቱ ዋጋ ያልፋል። ለስሌት እንዲቀል አንዱን ከረጢት 1,000 ብር ብንለው 58ቱ 58,000 ብር ናቸው። በከፊል የተጎዱት 14ቱ በወንፊት ተነፍተው 12 ያህል ቢወጣቸው ሁለት ይጨመራሉ፤ 60,000 ብር ሆነ። ምትኩን ለማምጣት የመኪና ኪራይ 9,000 ብር፣ ሁለት ግንበኞች ሥራ ፈትተው ለተቀመጡባቸው ሦስት ቀናት በቀን 700 ብር ሒሳብ 4,200 ብር ይታከላል። ድምሩ 73,200 ብር ነው። ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ይረሳሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ገንዘቡን ለሰጠው አካል ሲያስረዳ የሚጠየቀው ስለ ጠቅላላው ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚስቱበት ቦታ ደርሰናል። «እርምት አድርገናል» ለማለት ሲባል አንዳንድ ኮሚቴ ከቧንቧ መግዣው በጀት ወስዶ አዲስ ሲሚንቶ ይገዛል፤ የጠጠረውንም ገደል ይጥላል። በቅን ልቦና የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ስሕተት ሦስት ይወልዳል። የበጀት ርእስ ያለ ፈቃድ ተለወጠ፤ ግዢው ያለ ዋጋ ማወዳደሪያ ተፈጸመ፤ የተበላሸው ንብረት ደግሞ ማንም ሳያየው ጠፋ። መርማሪው ሲመጣ 58 ከረጢት መበላሸቱን ሳይሆን መሸጡን ሊጠረጥር ይችላል፤ ማስረጃውን የጣለው ኮሚቴም የሚመልሰው የለውም።

ስለሆነም ጉዳትን የሚያቆም እርምት ከደብዳቤው በፊት ይፈጸማል፤ ገንዘብ የሚያወጣ ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ እርምት ደግሞ ከመልሱ በኋላ ይሆናል። በምሳሌያችን ደብር ደብዳቤው ሲወጣ ርብራቡ ተሠርቷል፤ ቆጠራውና ፎቶግራፉ ተያይዟል፤ በየሳምንቱ ሰኞ ዕቃ ቤቱን የሚፈትሹ ሁለት አባላት በስም ተመድበዋል። የሚቀጥለው ትእዛዝ ቁፋሮው አልቆ ግንበኛው በፊርማ ሲያረጋግጥ ብቻ እንዲወጣ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ወስኗል። ይህ ሁሉ «አድርገናል» ተብሎ ይጻፋል። የምትክ ግዢው፣ የ73,200 ብሩ ምንጭ፣ ደብሩ ከራሱ ገቢ ሊሸፍን የሚችለው ድርሻና የጠጠሩት ከረጢቶች አወጋገድ ግን «ፈቃድዎን እንጠይቃለን» በሚለው ሥር ይሰፍራሉ።

ሁለቱን ዝርዝሮች ለይቶ መጻፍ ለሥራ አስኪያጁ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ የቱ አልቆ የቱ እርሱን እንደሚጠብቅ በአንድ ንባብ ያውቃልና። «ልናደርግ አስበናል» የሚለው ሐረግ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለ 88ቱ ከረጢቶችም አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ጓል ባይኖራቸውም ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው በእርጥብ ቤት ቆይተዋል፤ ሲሚንቶም በደህና መጋዘን እንኳ ሲቆይ ኃይሉ ይቀንሳል። ግንበኛው ከአንዱ ከረጢት ጥቂት ወስዶ በውኃ አቡክቶ እንደ ቂጣ ቢጋግረውና በማግስቱ በሚስማር ቢጭረው አለመጠንከሩ ወዲያው ይታያል። ጠንካራ ሆኖ መገኘቱ ግን ለማጠራቀሚያው ግድግዳ ይበቃል ማለት አይደለም፤ ይህን የሚወስነው የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ነው። ደብዳቤው «88ቱ ደህና ናቸው» ከሚል ይልቅ «88ቱ ጓል የላቸውም፤ ለማጠራቀሚያው ከመዋላቸው በፊት መሐንዲሱ እንዲያያቸው እንጠይቃለን» ቢል ትክክል ይሆናል። የተነፉት 12ቱም ውኃ ለማይዝ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአጥሩ ምሰሶዎች መትከያ እንዲውሉ በዚያው ይጠየቅ።

የጠጠሩት 58 ከረጢቶች መሐንዲሱና የንብረት ክፍሉ ባለሙያ መጥተው እስኪያዩአቸው ድረስ በዕቃ ቤቱ አንድ ጥግ ተለይተው ይቆያሉ። የማስወገጃው ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ በንብረት ካርዱ ላይ ወጪ ከተደረጉ በኋላ ተሰባብረው ወደ ምንጩ በሚወስደው ጭቃማ መንገድ ላይ መሙያ ሊሆኑ ይችላሉ።