እጅ የማንን ቋንቋ ይናገራል?

የለንደንና የኒውዮርክ ሰዎች በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻቸው ግን እያንዳንዳቸው በአገራቸው ምልክት ቢያወሩ አይግባቡም። የምልክት ቋንቋ እንግሊዝኛን በእጅ መናገር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ነገሩ ከታሪክ ይመጣል፤ በ1817 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሃርትፎርድ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ራሱ መስማት የተሳነው መምህር ሎራን ክሌር የመጣው ከፓሪስ ነበር። የአሜሪካው ምልክት ከእንግሊዙ ይልቅ ለፈረንሳዩ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ሰዋስውም የራሱ ነው። በአሜሪካው ምልክት «እሰጥሃለሁ» ሲባል እጅ ከተናጋሪው ወደ ተቀባዩ ይሄዳል፤ «ትሰጠኛለህ» ሲባል አቅጣጫው ይገለበጣል። ሰጪውንም ተቀባዩንም በአንድ ግስ መያዙ፣ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የእኛን አማርኛ ይመስላል። «ትሰጠኛለህ?» ለማለት ደግሞ ቅንድብ ከፍ ይላል፤ እጅ እጁን ብቻ የሚያይ ሰው መጠየቁንም አያውቅም።