የአድሬናሊን መርፌ በጭን ላይ

ንብ የነደፈው ተማሪ ከንፈሩ አብጦ ትንፋሹ እያፏጨ ሲያጥረው፤ ሐኪም ያዘዘለትን፥ ሲጫኑት ራሱ የሚወጋውን የአድሬናሊን መርፌ መምህሩ ሳይዘገይ ሊወጋው ይገባል። መርፌው ኤፒፔን የተባለው እንደ ሆነ ልጁን አስተኝቶ እግሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰማያዊውን ክዳን ይነቅላል፤ ብርቱካናማውንም ጫፍ በጭኑ መካከል በውጭው ጎን ቀጭ እስኪል ድረስ ይጫናል። ሱሪ ማውለቅ አያስፈልግም። አውራ ጣቱን በጫፉ ላይ የሚያኖር ሰው ግን የገዛ ጣቱን ይወጋል። ሳያነቃንቅ 3 ሴኮንድ ይይዘዋል፤ 10 ሴኮንድ የሚይዙት ሌላ ዓይነትም ስላለ ጽሕፈቱን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ልጁ ቢሻለውም አይነሣ፤ ድንገት መቆም የደሙን ግፊት ጥሎ ሊገድለው ይችላልና። መተንፈስ ካቃተው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ሁለተኛ መርፌ ይወጋል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፥ ቢድንም እንኳ ተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።