ለጌም ሞካሪዎች የሚጻፍ ኢሜይል

ጌም የሚሠሩ ሰዎች ገና ያላለቀ ሥራቸውን ለፈቃደኛ ሞካሪዎች ሲልኩ፣ አብሮ የሚሄደው ኢሜይል ሁለት ጉዳይ ይይዛል፦ ጌሙ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚጫንና ሞካሪው ተጫውቶ ምን ቢጽፍ እንደሚጠቅም። መጫኑ ካልተሳካ አስተያየቱም የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ሞካሪው ስልኩ ላይ በሚያየው ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት።

አገር ቤት ያሉ ሞካሪዎች አብዛኛዎቹ አንድሮይድ ስልክ ስለሚይዙ በእሱ እንሂድ። ጌሙ በፋይል ከተላከ ስሙ በ.apk ያልቃል። ሞካሪው ሲነካው ስልኩ አይጭነውም፤ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ ነውና ይከለክለዋል። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ፈቃዱ የሚሰጠው ፋይሉን ለሚከፍተው አፕ ነው። ፋይሉን ከቴሌግራም የከፈተ ለቴሌግራም፣ ከክሮም የከፈተ ለክሮም ይፈቅዳል። «ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፍቀዱ» ብቻ የተባለ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በክልከላው መልእክት ላይ Settings የሚለውን ተጭኖ Allow from this source የሚለውን ማብራት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ Install ማለት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍለት። ሲጨርስ ያንን ፈቃድ መልሶ ያጥፋው። የስልኩን ጥበቃ ጨርሶ እንዲያጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን መላክ የለበትም፤ ሞካሪውን ለሌላ አጭበርባሪ ፋይል ያጋልጠዋል።

ሁሉን አድርጎም App not installed የሚል ሊመጣበት ይችላል። የተለመደው ምክንያት ቀድሞ የጫነው ቅጂ ከአዲሱ በተለየ ቁልፍ መፈረሙ ነው። አሮጌውን ማጥፋት ችግሩን ይፈታል፤ ነገር ግን የደረሰበት ደረጃም አብሮ ይጠፋልና አስቀድሞ ይነገረው። የፋይሉን መጠንም በሜጋባይት መጻፍ ደግ ነው፤ ዳታ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ዋይፋይ እስኪያገኝ መጠበቅ ይፈልግ ይሆናል።

አሁን ወደ አስተያየቱ። ሞካሪ «አስተያየትህን ላክልን» ከተባለ «ደስ ይላል» ወይም «ሦስተኛው ደረጃ ይከብዳል፣ ጠላቶቹን ቀንሱ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም በቅንነት የተጻፉ ናቸው፤ ሠሪውን ግን ብዙ አያራምዱትም። በ1998 የወጣውን ሃፍ ላይፍ የሠሩት የቫልቭ ባለሙያዎች ሞካሪው ሲጫወት ከኋላው ተቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ ያዩትን ይመዘግቡ ነበር። ሞካሪው ሩቅ ሲሆን ግን የኢሜይሉ ጥያቄዎች የዚያን ዝምተኛ ተመልካች ቦታ መያዝ አለባቸው።

ያንኑ ሦስተኛ ደረጃ እንውሰድ። ሞካሪው «ድልድዩ ላይ ደጋግሜ ወደቅሁ። ቀዩ ድንጋይ ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳላስበው ስረግጠው ድልድዩ ተዘረጋ» ብሎ ቢጽፍ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጠላቶቹ ምንም አላጠፉም፤ ድንጋዩ የሚረገጥ መሆኑ አልታየም። ቡድኑ የመጀመሪያውን ምክር ሰምቶ ጠላት ቢቀንስ ኖሮ ቀጣዩም ሞካሪ እዚያው ድልድይ ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ እንደማምነው ኢሜይሉ መፍትሔ መጠየቅ የለበትም። የት ቆምክ? በዚያ ሰዓት ምን መስሎህ ነበር? ምን ሞከርክ? ከዚያስ ምን ሆነ? እነዚህ ይበቃሉ። መፍትሔ መፈለግ ጌሙን ከውስጥ የሚያውቀው ሰው ሥራ ነው።

ይህ የሚሠራው ግን ሞካሪው ቀድሞ ካልተነገረው ብቻ ነው። በኢሜይሉ ላይ «ቀዩን ድንጋይ ርገጡ» ተብሎ ከተጻፈ ሙከራው እዚያው ተበላሸ፤ ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የማየት ዕድል ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። መነገር ያለበት ገና ያልተሠራው ነገር ነው። ድምፅ ካልገባ፣ ሥዕሎቹ ጊዜያዊ ከሆኑ ይገለጽ፤ አለዚያ መልሱ ሁሉ ድምፅ የለም በሚል ይሞላል።

ጌሙ በድንገት ከተዘጋ ደግሞ ሠሪው ያንኑ ብልሽት እጁ ላይ ባለ ስልክ ደግሞ ማምጣት አለበት። ለዚህ የስልኩ ሞዴል፣ ከመዘጋቱ በፊት የተጫናቸው ነገሮች በቅደም ተከተል፣ እንዲሁም የቅጂው ቁጥር ያስፈልጉታል። ቁጥሩ በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ ቢታይ ሞካሪው አይፈልገውም፤ ቁጥር የሌለው ሪፖርት ባለፈው ቅጂ ላይ የተስተካከለ ችግር ሊሆን ይችላልና። ስክሪኑን በቪዲዮ የቀረጸ ካለ ከሁሉም ይበልጣል።

ጌሙን ጀምሮ ያቋረጠ ሞካሪ ብዙ ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ይጠፋል፤ ጨርሼ አልተጫወትኩም ብሎ ያፍራል። እሱ ግን ጨርሶ ከተጫወተው ይልቅ የሚነግረን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ፣ ከሌላው ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ፣ «ብታቋርጡም ጻፉልን፤ የት ላይና ምን ስታደርጉ እንደተዋችሁት ብቻ ይበቃናል» የሚል ይግባ።