ከሁሉ የሚያምረው ዓምድ

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ የጽሑፍ መልእክት ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር። መልእክቷ ሁለት መስመር ናት፤ ለአሲዳማ መሬት የሚሆነው ኖራ በየቀበሌው መጋዘን የሚገባበትን ቀን ትናገራለች። ኖራ ከዘር በፊት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መዋሐድ ስላለበት፣ ዘሩ ከገባ በኋላ የደረሰ መልእክት ለዚያ ዓመት አይረባም። የአባላቱ ዝርዝር ከጎዛምን፣ ከስናን፣ ከአነደድና ከማቻከል ወረዳዎች በተለያየ እጅ ተጽፎ የመጣ ነው። ስልኩንና አድራሻውን ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የማምጣቱ ሥራ ለእኔና ለአንዲት የማኅበሩ መዝገብ ሠራተኛ ደረሰ።

የጀመርነው ከአድራሻው ነው። ለገበሬው የሚነገረው ቀን እንደ ቀበሌው ስለሚለያይ፣ ቀበሌው የተሳሳተ ሰው በተሳሳተ ቀን አህያውን ጭኖ መጋዘን ይሄዳል። ጎዛምን አንድ ቦታ «ጎዛምን»፣ ሌላ ቦታ «ጐዛምን» ተብሎ ተጽፏል። ደብረ ማርቆስ «ደ/ማርቆስ»፣ «ደ.ማርቆስ» እና «ደብረማርቆስ» ሆኗል። ለሰው ዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ወገን የተጻፈው ሁሉ፣ በሌላ ወገን የተስማማንበት አንድ ስም የሚሰፍርበት ሠንጠረዥ አዘጋጀን። «01» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ቀበሌ ሲገጥመን ከተማው ወይም ወረዳው ካልተጻፈበት አልተቀበልነውም፤ ቀበሌ 01 ያለው አንድ ከተማ ብቻ አይደለምና። ይህ ሥራ አድካሚ ቢሆንም እንቆቅልሽ አልነበረበትም።

ስልኩም መጀመሪያ እንደዚያው መሰለን። በአገራችን የእጅ ስልክ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። 07 የመጣው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ 09ን ብቻ የሚያሳልፍ የቆየ ማጣሪያ በ07 የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ሳይናገር ይጥላል። በ058 የሚጀምረው የመደበኛ ስልክ ደግሞ አኃዙ ቢሟላም የጽሑፍ መልእክት አይደርሰውም። ኤክሴል ላይ ያለ ጥንቃቄ የተጻፈ ቁጥር ፊት ያለችው ዜሮ ስለምትበላ ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ይቀራል። ክፍተቱንና ሰረዙን ካስወገድን በኋላ፣ ሁሉንም በ251 ወደሚጀምር የአሥራ ሁለት አኃዝ አጻጻፍ ለማምጣት ይህች ቀመር በቃችን፦

```
=IF(LEN(A2)=9,"251"&A2,IF(LEN(A2)=10,"251"&MID(A2,2,9),A2&""))
```

ዘጠኝ አኃዝ ከሆነ 251 ይቀጠልለታል፤ አሥር ከሆነ ፊት ያለችው ዜሮ በ251 ትተካለች፤ አሥራ ሁለት ከሆነ እንዳለ ያልፋል። ከዚያ አራተኛው አኃዝ 9 ወይም 7 መሆኑን አየን። ከአንድ ወረዳ የመጣው ፋይል ከሌሎቹ ሁሉ የጸዳ ነበር። መዝጋቢው ከመጀመሪያው በ251 ስለጻፈው ቀመሩ የሚነካው ነገር አላገኘም፤ ፈተናችንንም ሁሉ አለፈ።

የተደጋገሙ ቁጥሮችን ስንቆጥር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በአንድ ስልክ መመዝገባቸው በገጠር የተለመደ ስለሆነ ሁለት ሦስት ስም በአንድ ቁጥር ላይ ማየት አያስደነግጥም። በዚያ የጸዳ ነው ባልነው ፋይል ግን የማይተዋወቁ፣ የተለያየ ቀበሌ ሰዎች ሁሉ በሁለት ቁጥሮች ብቻ ተሰልፈው ነበር፤ ግማሾቹ በ251918000000፣ ግማሾቹ በ251919000000።

«አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ገበሬ በራሱ ስልክ አስመዝግቦ ይሆን?» አለች ባልደረባዬ። በአካባቢያችን ገበሬን ወክሎ ስልኩን የሚያስመዘግብ ሰው ስለማይጠፋ እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ስድስት ዜሮ በተከታታይ ያለው ስልክ በአንድ ዝርዝር ላይ ሁለት ጊዜ በአጋጣሚ አይወጣም። ለአንዱ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ደውለን ከደብተሩ ሁለት ሦስት ስም እንዲያነብልን ለመንነው። በደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ገበሬ የራሱ፣ በ0918 የሚጀምር ሙሉ ቁጥር አለው። ከእኛ ዘንድ በ0919 የሰፈሩትም እንኳ በደብተሩ 0918 ናቸው።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት መንገዱን ያሳየችን። ከ0918 ወደ 0919 የተሻገሩትን ስናስተያይ፣ ሁሉም ከ0918 ቀጥሎ ያለው አኃዛቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከ5 በታች የሆኑት በ0918 ቀርተዋል። ይህ የሰው ስሕተት አይደለም፤ ቁጥር ሲጠጋጋ የሚከተለው ሕግ ነው። የተላከልንን የ.csv ፋይል በኤክሴል ሳይሆን በ`Notepad` ስንከፍተው፣ በስልኩ ቦታ በየመስመሩ ይህ ተጽፎ አገኘን፦

```
2.51918E+11
2.51919E+11
```

ኤክሴል ቅርጸቱ ባልተወሰነለት ሕዋስ ውስጥ እስከ አሥራ አንድ አኃዝ ያለውን ቁጥር እንዳለ ያሳያል። አሥራ ሁለት ሲሆን ግን አሳጥሮ በዚህ መልክ ያሳየዋል። ሙሉው ቁጥር በውስጥ አለ፤ የሚያጥረው የሚታየው ነው። ፋይሉ በ.csv ሲቀመጥ ግን የሚጻፈው የሚታየው ነውና የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች ጠፍተው ይቀራሉ። እንደገና ሲከፈት ኤክሴል ጎደሎውን በዜሮ ይሞላዋል። ዜሮዋን የጣሉት መዝጋቢዎች ዘጠኝ አኃዝ ስለነበራቸው ከዚህ አደጋ ተርፈዋል። የተጎዳው በ251 አሟልቶ የጻፈው፣ ከሁሉ የተጠነቀቀው ሰው ሥራ ነው።

ቀመራችን ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። ርዝመቱ ልክ ነው፣ መነሻው ልክ ነው፣ አራተኛው አኃዝም 9 ነው። አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚነግረን ቁጥሩ ስልክ እንደሚመስል ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አይነግረንም። ዝርዝሩ እንዳለ ቢላክ ኖሮ ገበሬዎቹ የኖራውን ቀን ሳይሰሙ ይቀሩ ነበር፤ ቁጥሩ በእጁ ያለ አንድ የማይመለከተው ሰው ካለ ደግሞ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ይቀበል ነበር።

የጠፋው አኃዝ በምንም ቀመር አይመለስም፤ ዋናው ፋይል ካለ ግን ሳይነካ ይገኛል። መዝጋቢውን ጠይቀን በ.xlsx ያስቀመጠውን አገኘን። የስልኩን ዓምድ ወደ `Text` ለውጠን ብናየው አሳጥሮ ማሳየቱን አልተወም፤ በ`Number` ቅርጸት፣ ያለ ነጥብ አኃዝ ስናደርገው ግን ሙሉው ቁጥር ወጣ። ከአንድ ቀበሌ የመጣው ግን ዋናው ፋይል ተሰርዞ ስለነበር ከደብተሩ በእጅ ተገለበጠ። እስኪገለበጥ ድረስ ቦታውን ባዶ አደረግነው፤ ለእነዚያ ገበሬዎች ባለሙያው በቃል እንዲነግራቸው ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ፋይል ሲቀበል በመጀመሪያ የሚያየው ርዝመቱን ሳይሆን ድግግሞሹን ነው፤ በ`COUNTIF` ከሦስት ስም በላይ የተጋሩትን ቁጥር ሁሉ ያወጣል። የ.csv ፋይልም በእጥፍ ጠቅታ አይከፈትም፤ በ`From Text/CSV` ገብቶ የስልኩ ዓምድ ገና ሳይጫን `Text` ይደረጋል።

አዲስ አባል የሚመዘገብበትም መንገድ ተለውጧል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ቁጥር የሚያገኘው ገበሬው ራሱ ሲደውል ነው፤ ቁጥሩን ኔትወርኩ ይዞት ይመጣል እንጂ ማንም አይጽፈውም። ማኅበሩም ይህንኑ ያዘ። ገበሬው ለመመዝገብ ሲመጣ ከራሱ ስልክ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስልክ ሚስኮል ያደርጋል፤ መዝጋቢዋ በስልኩ ላይ የወጣውን ቁጥር መልሳ ታነብለታለች፤ እሱም «አዎ፣ የኔ ነው» ሲል ይመዘገባል።