16 በ10 ላይ፦ የብላክጃክ ሰንጠረዥ ምን ያሰላል?

ብላክጃክ የሚጫወት ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው እጅ 16 ነው። አንድ 10 እና አንድ 6 ደረሰው እንበል። ካርታ አዳዩ፣ በተለምዶ ዲለር የሚባለው፣ ከሁለት ካርታዎቹ አንዱን ገልጦ 10 አሳይቷል፤ ሌላውን ደፍቶ አስቀምጦታል። የጨዋታው ደንብ ቀላል ነው። ከ21 ሳያልፍ ከዲለሩ የበለጠ የያዘ ያሸንፋል፤ 21ን ያለፈ ተቃጠለ ይባላል፤ መደቡንም ያጣል። ጃክ፣ ንግሥትና ንጉሥ እንደ 10 ይቆጠራሉ፤ አስ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት 1 ወይም 11 ይሆናል። ዲለሩ ምርጫ የለውም፤ 17 እስኪሞላ ድረስ መጨመር ግዴታው ነው።

ታዲያ 16 የያዘው ሰው ምን ያድርግ? ቢጨምር ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች 8ቱ ያቃጥሉታል። ባለበት ቢቆም ደግሞ የሚያድነው የዲለሩ መቃጠል ብቻ ነው፤ 10 ያሳየ ዲለር የሚቃጠለው ከአራት ጊዜ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሁለቱም መንገድ ወደ ኪሳራ ነው። ጥያቄው የትኛው ያንሳል የሚለው ነው።

መልሱ ተሰልቷል። ብዙ ጥቅል ካርታ ተደባልቆ በሚታደልበት ጨዋታ፣ ዲለሩ ብላክጃክ አለመያዙ ከተረጋገጠ በኋላ፣ 100 ዶላር የመደበ ሰው ቢቆም በአማካይ 54 ዶላር ከ4 ሳንቲም ይከስራል። ቢጨምር ኪሳራው 53 ዶላር ከ98 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ 6 ሳንቲም ብቻ መሆኑ ነው። በዚህች 6 ሳንቲም ምክንያት ሰንጠረዡ «ጨምር» ይላል። ጠረጴዛው እጅ መስጠትን የሚፈቅድ ከሆነ ግን የመደቡን ግማሽ ትቶ መውጣት ከሁለቱም ይሻላል፤ ኪሳራው 50 ዶላር ላይ ይቆማልና።

መሠረታዊ ስልት የሚባለው ሰንጠረዥ ከዚህ ዓይነት ስሌት የተሠራ ነው። በግራ በኩል የተጫዋቹ እጅ፣ በላይ በኩል የዲለሩ ግልጥ ካርታ ተደርድሯል፤ በመገናኛው ሳጥን ውስጥ አንዲት ፊደል አለች። H ጨምር፣ S ቁም፣ D መደብህን እጥፍ አድርገህ አንድ ካርታ ብቻ ውሰድ፣ P ተመሳሳዮቹን ካርታዎች ለሁለት ከፍለህ ተጫወት ማለት ነው። ስሌቱን መጀመሪያ በደንብ ሠርተው ያሳተሙት በሜሪላንድ፣ አበርዲን በሚገኝ የአሜሪካ ጦር መሞከሪያ ጣቢያ የነበሩ አራት ሰዎች ናቸው፤ ባልድዊን፣ ካንቴይ፣ ማይዝልና ማክደርሞት። ጽሑፋቸው በ1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ ያንን ሁሉ ቁጥር ያባዙትና የደመሩት በጠረጴዛ ላይ ማስሊያ ማሽን ነው።

ሰንጠረዡ የሚፈልገው የማሸነፍን ዕድል ማብዛት ይመስላል፤ አይደለም። የሚፈልገው ከእያንዳንዱ መደብ በአማካይ የሚገኘውን ገንዘብ ማብዛት፣ ወይም የሚጠፋውን ማሳነስ ነው። ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ ላሳያችሁ። ተጫዋቹ 11 ይዟል፤ ዲለሩ 10 አሳይቷል። እጥፍ ካደረገ አንድ ካርታ ብቻ ይደርሰዋል። የመጣለት 2 ቢሆን 13 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፤ ሌላ መጨመር አይችልም። ስለዚህ እጥፍ ማድረግ የማሸነፍ ዕድሉን በጥቂቱ ይቀንሳል። ነገር ግን በ100 ዶላር መደብ የሚጠበቀው ትርፍ ከ12 ዶላር አካባቢ ወደ 18 ዶላር አካባቢ ያድጋል፤ እየተጫወተ ያለው በ200 ዶላር ነውና። ማሸነፍን ብቻ የሚያስብ ሰው አያጥፍም፤ ገንዘቡን የሚያስብ ያጥፋል። ሁለት 8 ይዞ 10 የገጠመው ሰው ላይም እንዲሁ ነው። መክፈል እብደት ይመስለዋል፤ አንድ ኪሳራ ሁለት ይሆንበታልና። ግን 16 አድርጎ ቢጫወተው ኪሳራው 54 ዶላር፣ ቢከፍለው ወደ 48 ዶላር ነው። ሰንጠረዡ እዚህ ላይ የሚሰጠው ትርፍ ሳይሆን አነስ ያለ ኪሳራ ነው።

ይህ ሁሉ ተጠብቆ ደንቡ ደህና በሆነ ጠረጴዛ ላይ የቤቱ ብልጫ ግማሽ በመቶ አካባቢ ይሆናል። ሰንጠረዡን አንድም ሳጥን ሳይስት የተጫወተ ሰው ከ100 ዶላር መደብ በአማካይ 50 ሳንቲም ለቤቱ ይተዋል። ከዚያ በታች የሚያወርደው የሳጥን ምርጫ የለም።

ሰንጠረዡ ግን አንድ ነገር አያውቅም፤ ቀድሞ ምን ካርታ እንደወጣ። ለእሱ ሁልጊዜ ጥቅሉ ሙሉ ነው። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለው የሒሳብ ሰው የገባው በዚህች ክፍተት ነው። ኤምአይቲ ሳለ በአይቢኤም 704 ኮምፒውተር አስልቶ ግኝቱን በ1962 «ቢት ዘ ዲለር» በተባለ መጽሐፍ አወጣው። ነገሩ ይህ ነው፦ ጥቅሉ ውስጥ የቀሩት ካርታዎች በ10ና በአስ ከበለጸጉ ጨዋታው ወደ ተጫዋቹ ያዘነብላል። ብላክጃክ ለሁለቱም ወገን እኩል ይበዛል፤ ዲለሩ ሲያገኘው የሚወስደው 100 ዶላር ነው፤ ተጫዋቹ ሲያገኘው ግን 150 ይከፈለዋል። እስከ 17 ለመጨመር የተገደደው ዲለርም በትልልቅ ካርታ በብዛት ይቃጠላል።

ይህን ለመከታተል የፎቶግራፍ ያህል ትዝታ አያስፈልግም። በብዛት የተለመደው ዘዴ ከ2 እስከ 6 ላሉት አንድ መደመር፣ ከ7 እስከ 9 ያሉትን ማለፍ፣ ለ10፣ ለሥዕል ካርታዎችና ለአስ አንድ መቀነስ ነው። የተገኘው ድምር ለቀሩት ጥቅሎች ብዛት ይካፈላል። ስድስት ጥቅል በሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ድምሩ 8 ደርሶ ሁለት ጥቅል ብቻ ቀርቶ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር 4 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በግምት ግማሽ በመቶ ለተጫዋቹ ይጨምራል፤ የመጀመሪያው የቤቱን ብልጫ ይሰርዛል፤ የቀሩት ሦስቱ አንድ በመቶ ተኩል ያህል ትርፍ ይሆናሉ። ቆጣሪው በዚህ ሰዓት መደቡን ያሳድጋል። የቆጠራ ትርፍ ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ካርታ ሳይታደል በፊት ብዙና ጥቂት መቼ እንደሚመድቡ ከማወቅ። 16 በ10 ላይ ሲመጣ ሐሳብ መለወጥም ይጠቅማል፤ ያቺ 6 ሳንቲም ድምሩ ከዜሮ ከፍ ሲል ወደ «ቁም» ትገለበጣለችና። ግን እሱ ትርፍራፊ ነው።

ካዚኖዎቹ ዝም አላሉም። በኔቫዳ ቆጣሪን በትህትና «ይበቃዎታል» ብለው ያስወጣሉ፤ በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል ባይሆንም ቤቱ ማስተናገድን መከልከል ይችላል። የኒው ጀርሲው ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ኬን ኡስተን የተባለ ታዋቂ ቆጣሪ ሪዞርትስ ኢንተርናሽናልን ከሶ በ1982 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ካዚኖ በራሱ ሥልጣን ቆጣሪን ማባረር እንደማይችል ተወሰነ። ካዚኖዎቹ ታዲያ በቀራቸው መሣሪያ ተጠቀሙ፦ ካርታውን ደጋግመው መበወዝ። ሰውየውን ማስወጣት ካልተቻለ የሚያውቀውን ነገር ከንቱ ማድረግ ይቻላል።

የኢንተርኔቱ ብላክጃክ ይህን ዘዴ እስከ ጫፍ ወስዶታል። በሥዕል በሚታየው፣ ካርታው በኮምፒውተር በሚመረጠው ጨዋታ፣ ሙሉው ጥቅል ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እንደ አዲስ ይበወዛል። አሁን ዙሩን እንከተለው። ተጫዋቹ 10 ዶላር መደበ። 4፣ 5፣ 3 እና 4 መጥተውለት 16 ሞላ፤ ዲለሩ 10 አሳይቷል። ድምሩ 3 ነው፤ ትናንሾቹ በእጁ ስላሉ መቆም ይሻለዋል፤ ያቺን ጥቂት ሳንቲም ያተርፋል። መደቡን ግን ከእንግዲህ ማሳደግ አይችልም። ዙሩ ሲያልቅ እነዚያ ካርታዎች ተመልሰው ይገባሉ፤ ቀጣዩን መደብ በሚያስቀምጥበት ቅጽበት ድምሩ ዜሮ ነው። ሁልጊዜም ዜሮ ነው። ቆጠራው ትክክል ሆኖ ሳለ ስለሚቀጥለው ዙር አንዲት ነገር አይናገርም።

በእውነተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው የማያቋርጥ መበወዣ ማሽንም ወደዚሁ ይደርሳል። ዲለሩ ያለቀውን ዙር ካርታ ወዲያው ማሽኑ ውስጥ ይጨምራል፤ ማሽኑ ከሌሎቹ ጋር ያደባልቀዋል። ጥቂት ካርታዎች አፉ ላይ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ የቀድሞው ዙር ፍንጭ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ግን ከአራት አምስት ጥቅል ውስጥ የቀረችው ያቺ ፍንጭ ቁጥሩን ከዜሮ አካባቢ አታስለቅቀውም። ማሽኑ ለቤቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለመበወዝ የሚባክን ጊዜ ስለሌለ በሰዓት ብዙ ዙር ይታደላል። ግማሽ በመቶው ሳይለወጥ የሚባዛበት ቁጥር ያድጋል።

መሐል ላይ ያለው በካሜራ የሚተላለፈው ጨዋታ ነው። ሰው ነው የሚያድለው፤ ካርታውም የእውነት ነው። እዚህ መቁጠር በመርህ ደረጃ ይቻላል። ግን በብዛት ስምንት ጥቅል ይታደልና ግማሹ ላይ ሲደርስ ቀይዋ መቁረጫ ፕላስቲክ ወጥታ ይበወዛል። ከላይ ትርፍ ያመጣው የ8 ድምር እዚህ የሚካፈለው ቢያንስ ለአራት ነው፤ 2 ይሆናል፤ ብልጫውም ግማሽ በመቶ። ያንን ያህል ለማግኘት ረጅም ሰዓት ዝቅተኛ መደብ በኪሳራ እያስያዙ መጠበቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መደብ ደግሞ በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቧል፤ ድምሩ ከፍ ሲል ብቻ የሚያድግ መደብ በቀላሉ ይታያል።

እና ለምን «እኔ ቆጥሬ አሸነፍኩ» የሚል አይጠፋም? ቁጥሩን እንየው። በ10 ዶላር 400 ዙር የተጫወተ ሰው የሚጠበቅበት ኪሳራ 20 ዶላር ነው። የዕድል መወዛወዙ ግን በዚያው 400 ዙር ወደ 230 ዶላር ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ከ20 ዶላር ኪሳራው ይልቅ መወዛወዙ ስለሚጎላ በአንድ ምሽት የሚያተርፈው ሰው ከሚከስረው ብዙም አያንስም። አንዱ ሰንጠረዡን፣ ሌላው ቆጠራውን፣ ሦስተኛው ቀኝ እጁን ያመሰግናል። ለኢንተርኔት ጨዋታ መቁጠሪያ ፕሮግራም የሚሸጡ ሰዎች ምስክር የማያጡትም በዚህ ነው።

ጠረጴዛውን ለመለየት የደንቡን ገጽ ማንበብ ይበቃል፤ ካርታው መቼ እንደሚበወዝ ይጻፋል። እዚያው ላይ ከመበወዙ በፊት ሊታይ የሚገባው ግን 3:2 ወይም 6:5 የሚለው ጽሑፍ ነው። 6:5 ከሆነ በ100 ዶላር መደብ ብላክጃክ 150 ሳይሆን 120 ይከፍላል። ብላክጃክ በ21 ዙር አንዴ ያህል ስለሚመጣ ያቺ የ30 ዶላር ጉድለት የቤቱን ብልጫ በ1.4 በመቶ ገደማ ታሳድጋለች፤ ሰንጠረዡን ሳይሳሳት የሚጫወተው ሰው 50 ሳንቲሙ ወደ 2 ዶላር ይጠጋበታል፤ የትኛውም ሳጥን አያስመልስለትም።