ፊርማው ከትዳሩ ሲረዝም

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊት አዲስ አበባ ያለውን ባሏን ለማስመጣት ፕሮሰስ ጀመረች እንበል። በዓመት 34,000 ዶላር ታገኛለች፤ አብሯት የሚኖር የስድስት ዓመት ልጅም አላት። ባሏ ደግሞ ከቀድሞ ትዳሩ የወለዳት የአሥር ዓመት ልጅ አለችው፤ አብራው እንድትሄድ ይፈልጋል።

መጀመሪያ የሚያደናቅፋቸው «ዲፔንደንት» የሚለው ቃል ነው። በዲቪ ለደረሰው ሰው ጥገኛ ማለት በእሱ ስም ተከትለው የሚገቡት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። የግሪን ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛውን ሲያስመጣም ልጅ በወላጁ ማመልከቻ ላይ ተደርቦ መሄድ ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክት ግን መደረብ የለም። ዜግነት መብትን የሚያሰፋ ይመስለናል፤ እዚህ ላይ ግን ለልጅቷ ራሷን የቻለ I-130 ማስገባት ግድ ነው። እንጀራ እናቷ ልታመለክትላት የምትችለውም ጋብቻው ልጅቷ 18 ዓመት ሳይሞላት የተፈጸመ ከሆነ ነው። ይህን ሳያውቁ የባልየውን ፋይል ብቻ የከፈቱ ሰዎች ልጅቷ ፋይል እንደሌላት የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው I-864 ነው፤ የ«ስፖንሰር» ቅጽ። ብዙዎቻችን ስፖንሰር ሲባል የደግነት ደብዳቤ የሚጽፍ ዘመድ ይታየናል። ይህ ቅጽ ግን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነው። ስፖንሰሩ በአብዛኛው ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት፤ መለኪያውም እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይጨምራል።

የቅጹ አምስተኛ ክፍል የቤተሰቡን ብዛት ያስቆጥራል። ሴትየዋ ራሷን፣ ልጇንና ባሏን ስትቆጥር ሦስት ይሆናሉ። በ2024 መለኪያ ለሦስት ሰው የሚፈለገው 32,275 ዶላር ስለነበር በ34,000 ታልፋለች። የባሏ ልጅ ስትጨመር ግን 39,000 ይጠየቃል፤ ጎደለ ማለት ነው። ቀደም ሲል እናቷን በዚሁ ቅጽ አስመጥታ ከነበረና እናትየዋ እስካሁን በግሪን ካርድ ላይ ከሆኑ፣ ሌላ ቤት ቢኖሩም ይቆጠራሉ። አምስት ሰው ሲሆን 45,725 ደረሰ። ቅጹን በችኮላ የሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን የድሮ ፊርማውን ነው።

መፍትሔው ተጨማሪ ስፖንሰር ነው። ለምሳሌ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ እዚያው አሜሪካ የሚኖር ወንድሟ ሊፈርም ይችላል። የእሱ ገቢ ለራሱ ቤተሰብና ለሚመጡት ሰዎች መብቃት አለበት። እሱ ስለፈረመ ግን እሷ ነፃ አትሆንም፤ የራሷን ቅጽ ታስገባለች፣ ሁለቱም በኃላፊነት ይያዛሉ። ባልየው በገቢ የተወሰነ የመንግሥት ድጎማ ቢወስድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከፈራሚዎቹ ሊጠይቅ ይችላል። ባልየው ራሱም ገቢው ከ125 በመቶው በታች ከሆነ ፍርድ ቤት ሊከሳቸው ይችላል።

ሌላው ቃል «ቦና ፋይድ» ነው፤ ጠበቆቻችን በቅን ልቦና ይሉታል። በጋብቻ ጉዳይ የሚጠየቀው ሁለቱ ሲጋቡ አብሮ የመኖር ሐሳብ ነበራቸው ወይ የሚለው ነው። ሽማግሌ የተላከበት፣ ቤተሰብ ያገናኘው ጋብቻ ምንም ነውር የለበትም። ቆንስሉ የሚያየው ዱካውን ነው፤ በየጊዜው የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ የጉዞ ትኬት፣ የዓመታት የስልክ መልእክት። በእኔ ግምት አንድ ወፍራም የሠርግ አልበም በተለያየ ጊዜ ከተነሱ አምስት ተራ ፎቶዎች ያነሰ ያስረዳል፤ አልበሙ የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። የወረቀት ጋብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ሰውየው ወደፊት በእውነተኛ ትዳርም ሆነ በሌላ ዘመድ የሚቀርብለት ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል።

ባልየው አሜሪካ ሲገባ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ሊያበቃ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ሁለቱ አብረው I-751 ያስገባሉ። በመሃል ቢፋቱስ? ሚዛኑ የሚያየው የጋብቻውን መነሻ ስለሆነ፣ ፍቺው ብቻውን ጋብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ባልየው መነሻው ቅን እንደነበር ካስረዳ ብቻውን አመልክቶ ካርዱን ሊያጸና ይችላል። እሱ በካርዱ ከቆየ ደግሞ የእሷ I-864 አብሮ ይቆያል፤ ፍቺ አያፈርሰውም። ውሉ የሚያበቃው እሱ ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲቆጠርለት፣ ማለትም አሥር ዓመት ገደማ ሲሠራ፣ ነዋሪነቱን ትቶ ከአገሪቱ ሲወጣ፣ ወይም ከሁለቱ አንዳቸው ሲሞቱ ነው።